ስምንት የመሰለችው አራት

የሱሮማ ሻሃ ሱቅ ከእኔ ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት፣ በከተማችን በካሊያቻክ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ነው። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና በር ላይ የተንጠለጠለ ሰሌዳ አላት። ሰሌዳው ላይ በሦስት ረድፍ አኃዞች ተጽፈዋል፤ የቤንጋሊው፣ የሂንዲውና የእንግሊዝኛው። ሌላ ማስታወቂያ የላትም፣ አስፈልጓትም አያውቅ።

ሥራዋ የሚመጣው ከሦስት ወገን ነው። የእኛ አገር የአትክልት ባለቤቶች በቤንጋሊ አኃዝ የጻፉትን ብጣሽ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ከጎረቤታችን ከቢሃር የሚመጡ ነጋዴዎች በሂንዲ አኃዝ ይጽፋሉ። የመኪና ጭነት ደረሰኝ ደግሞ በኬላ እንዲያልፍ በእንግሊዝኛው መሆን አለበት። እሷ መሀል ቁጭ ብላ ትገለብጣለች። አንዳንዱ ጎበዝ ነኝ ባይ የቤንጋሊውን አኃዝ እንዳለ ኮምፒዩተር ላይ ይጽፍና ድምሩ ዜሮ ሲወጣበት፣ «ማሽንሽ ተበላሽቷል» ብሎ ይጮህባታል። «ማሽኑ ቁጥር መሆኑን አላወቀውም፣ ፊደል መስሎታል፤ ቁጭ በል» ትለዋለች።

ይህን ከየት ተማረች ብትሉኝ፣ ከኩርኩም ነው የምላችሁ። አባቷ ከወንዙ ማዶ ሳሂብጋንጅ የድንጋይ ካባ ላይ ይሠራ ነበርና ልጅነቷን እዚያ፣ በሂንዲ ትምህርት ቤት አሳለፈች። አባቷ ሲታመም ወደዚህ ተመለሱና የቤንጋሊ ትምህርት ቤት ገባች። ሒሳብ ታውቃለች፣ ግን እጇ የለመደው የሂንዲውን አኃዝ ነው። አንድ ብላ የጻፈችውን መምህሩ ዘጠኝ ብሎ ያነበዋል፤ የሂንዲው አንድ እንዲህ ነዋ፦ १፤ የቤንጋሊውን ዘጠኝ ይመስላል። ትክክል የሠራችው ሁሉ ስሕተት እየተባለ፣ ተኮርኩማ እያለቀሰች ወደ ቤት የምትመለስበትን ጊዜ እናቷ እስከ ዛሬ ታወራለች። ከዚያ ወዲህ ሱሮማ አኃዝ ስታይ አትቸኩልም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በቃል ትላለች፤ «አራት፣ ሰባት፣ አራት…»። ከዚያ ትጽፋለች። ጽፋ ስትጨርስ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት እያነበበች ታመሳክራለች።

ቀንና ወር ላይ ደግሞ የማይነቃነቅ ሕግ አላት። አንዱ በቤንጋሊ ዘመን የተጻፈ ቀን አምጥቶ «በእንግሊዝኛ አድርጊልኝ» ሲላት፣ «አኃዙን እቀይርልሃለሁ፤ አኃዝ ስለተቀየረ ግን ዘመኑ አይቀየርም። የእኛ ፋልጉን ወር ማርች አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ አምጣና አብረን እንይ» ነው መልሷ።

እንግዲህ የዛሬ ዓመት፣ ሊቺ የሚባሉት የፍሬ ዛፎቻችን ሲያብቡ የሆነውን ልንገራችሁ።

ማርች ዘጠኝ ነበር፣ ጠዋት። ጎማ እየነፋሁ ሳለ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ከሱቋ አጠገብ ቆመ። ከላይ እስከ ታች የእንጨት ሣጥን ተደርድሮበታል፣ የሣጥኖቹ አፍ በወንፊት ሽቦ ተዘግቷል። ሞተሩ ጠፍቶም መኪናው መጮኹን አላቆመም። ቀረብ ስል ንብ ነው። ያን ጊዜ እንዴት ወደ ኋላ እንደዘለልኩ እኔው ነኝ የማውቀው።

ከጋቢናው አንድ ጸጉሩ የሸበተ ቀጭን ሰው ወረደ። ስሙ ጃግዴኦ ሳህኒ ነው፣ ከሙዛፈርፑር የመጣ ንብ አናቢ። አበባ እየተከተለ ንቦቹን ከአገር አገር ያዞራል። አንድ ባልዲ ውሃ ለመነኝና ሣጥኖቹ ላይ ይረጭ ጀመር።

«ምነው ቆማችሁ?» አልኩት።

«ንቦቼን አበባው ላይ የማሰፍርለት ባለ አትክልት ጠፋብኝ። ስልኩን ስደውል የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው። ጉጃራት፣ የአገሩ ሌላ ጫፍ ነኝ ይላል። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል እናቴን ሰደበ።»

«የሰውዬው ስም ማነው?»

«ሞንዶል።»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ካሊያቻክ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውር የምትመታው ሞንዶልን ነው።

«መንደሩስ?»

«አላውቅም። በብርዱ ወራት ማር ገበያ ተገናኘን፤ የሁለታችንም ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር። እሱ በብጣሽ ወረቀት ጻፈልኝ፣ እኔም ጻፍኩለት። ስትመጣ ደውል፣ መንገድ ላይ እቀበልሃለሁ አለኝ።» ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። «እነዚህ ሌሊቱን ሙሉ ተዘግተው ነው የመጡት። እየሞቀ ሲሄድ ሣጥን ውስጥ ይታፈናሉ። እዚህ ልክፈታቸው ብል ደግሞ ገበያውን ታየዋለህ።»

እጁን ይዤ ወደ ሱሮማ ወሰድኩት። እሷ ንቡን ስለፈራች በሩን ገርበብ አድርጋ ዘግታ ነበር።

«ሱሮማ ዲ፣» አልኳት፤ ዲ ወይም ዲዲ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ «ሰውዬው የጠፋ ሞንዶል ይፈልጋል።»

«ሞንዶል ጠፍቶ አያውቅም፣ የሚጠፋው ከሞንዶል ማምለጫው ነው» አለች ከውስጥ። «ግባ ወንድሜ። ንብ ይዘህ እንዳትገባ ብቻ!»

ወረቀቱን ተቀበለችው። ያለው የሰውየው ስም፣ የስልክ ቁጥርና ቀን ብቻ ነው፣ ሁሉም በቤንጋሊ። ወዲያው አላነበበችም። መልሳ ሰጠችውና «እስኪ አንተ እንዴት እንደምትደውለው አንብብልኝ» አለችው።

«ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ስምንት…» እያለ እስከ መጨረሻው አነበበ።

«ቆይ። የመጀመሪያዋን ዘጠኝ ማን ነገረህ?»

«የሂንዲ አንድ መሰለችኝ፤ የእጅ ስልክ ደግሞ በአንድ አይጀምርም። ስለዚህ አገራችን ያለ አንድ ቤንጋሊ ሠራተኛ ጠየቅኩ፤ ዘጠኝ ናት አለኝ።»

«ይችን ስምንት ያልካትንስ ጠየቅክ?»

«ምን እጠይቃለሁ ዲዲ? ስምንት መሆኗ ይታያል።»

ሱሮማ እስክሪብቶ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት ላይ ጻፈች፦ ৪። «ይችን ነው ያልከኝ። የእንግሊዝኛ ስምንት ትመስላለች፣ በእኛ ግን አራት ናት። ይችም» አለችና ৭ ብላ ጻፈች፣ «ዘጠኝ ትመስላለች፣ ሰባት ናት። የተጠራጠርካቸውን ጠየቅክ፤ ጉድ የሠሩህ የምታውቃቸው የመሰሉህ ናቸው። ጉጃራት ያለውን ሰው ተወው፣ አልበደለህም። መጀመሪያው 9898 ሳይሆን 9474 ነው።»

ጃግዴኦ ግንባሩን መታ። «ዘጠኝን አውቄ በስምንት ልሰደብ!»

እሷ ግን ወረቀቱን መልሳ ወሰደች። ዓይኗ ቁጥሩን አልፎ ወደ ታች ወርዷል።

«ቀኑን ምን ብለህ አነበብከው?»

«ዘጠኝ፣ ሦስት። ሦስቷን ጠይቄያለሁ። ማርች ዘጠኝ፤ ዛሬ።»

«ዘጠኝ ያልካት ያችው ናት» አለች። «ሰባት። ሰውየው የጠበቀህ ከትናንት ወዲያ ነው።»

ውጭ ንቦቹ ይጮኻሉ።

«ባለ አትክልት ንብ አናቢው ቀረ ብሎ ካሰበ ምን ያደርጋል?» አለችው።

የጃግዴኦ ፊት አመድ መሰለ። «የተባይ መድኃኒት ይረጫል። እኔ እስክወጣ አበባው ላይ ምንም እንዳትረጭ ብዬው ነበር። ከረጨ እኮ፣ ዲዲ፣ ሣጥኑን ስከፍት በመጀመሪያው አበባ ነው የሚያልቁት።»

ሱሮማ የራሷን ስልክ አነሣች። ቁጥሩን በቃል እያለች ነካች፣ ከኋላ ወደ ፊት አመሳከረች፣ ደወለች። ጠራ። ጠራ። ዘጋ። ጃግዴኦ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። እንደገና ደወለች። አሁን አንዲት ሴት አነሣች።

«የሞንዶል ቤት ነው? የሊቺ አትክልት ያላችሁ፣ ንብ የምትጠብቁ?»

«ጠብቀን ነበር!» አለች ሴትዮዋ፣ ድምጿ ለእኛም ይሰማል። «ያ የቢሃር ሰውዬ ቀረ፤ ባሌ ጨርቁን እስኪጥል ነው የደወለለት። ባሌ አሁን አትክልቱ ውስጥ ነው፣ የመርጫውን ጋን ሲያዝል ነው ትቼው የመጣሁት…»

«እህቴ፣ ሩጪ! ስልኩን ይዘሽ ሩጪ! አንዲት ጠብታ እንዳይረጭ። ንቦቹ እዚህ ናቸው!»

ሴትዮዋ መሮጧን የምናውቀው በትንፋሿ ነው። ኮቴ፣ የውሻ ጩኸት፣ «አቁም! ኧረ አቁም!» የሚል። ጃግዴኦ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔም ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ፣ ያለከልካል።

«ማነው?»

«ረጭተሃል ወይ?» አለች ሱሮማ፣ ሰላምታም አልሰጠች።

«መች ጀመርኩና! የመርጫው አፍ ተደፍኖብኝ በሽቦ እየወጋሁት ነበር። ምን ሆናችኋል?»

ጃግዴኦ ከወለሉ ተነሣና ግድግዳውን ተደግፎ ሳቅ ጀመረው፤ ሳቁ ወደ እንባ ሄዶ እንደገና ወደ ሳቅ ተመለሰ። ሱሮማ ወንበሯ ላይ ዝርፍጥ ብላ በሳሪዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «ያን የተደፈነ መርጫ እግሩን መሳም ነው» አለች።

ባለ አትክልቱ ኒታይ ሞንዶል ሳይቆይ በሞተር ብስክሌት ደረሰ፣ ከነጭቃ እግሩ። ገና ከመውረዱ፦

«አንተ ሰውዬ፣ የሰጠኸኝ ቁጥር የማን ነው? ፓትና ያለች አንዲት አሮጊት፣ ሚስት የለህም ወይ ብላ አዋረደችኝ!»

«የራሴን ነው የሰጠሁህ!»

ሞንዶል ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ሱሮማ አየችው፤ በሂንዲ ነው የተጻፈው። ሁለት ቦታ ላይ १ አለ። «አንድ የጻፈልህን ዘጠኝ ብለህ ደወልክ» አለችው። «የቀሩት አኃዞች፣ ሁለት፣ ዜሮና ስምንት፣ ከእኛዎቹ ጋር ዘመድ ስለሆኑ አልተሳሳትክባቸውም። ይችን ግን እኔም በልጅነቴ ስንት ኩርኩም ከፍዬባታለሁ።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አንዱ በጉጃራት፣ ሌላው በፓትና ተሰድቧል። መጀመሪያ የሳቀው ሞንዶል ነው።

ሱሮማ ሁለቱንም ወረቀት ተቀብላ የሁለቱን ቁጥር በሦስቱም አኃዝ አትማ ከዋናው ወረቀት ጋር ሰጠቻቸው፤ መጀመሪያ የተጻፈውን አትጥልም፣ ጥርጣሬ ቢመጣ ማመሳከሪያው እሱ ነው ትላለች። ከዚያ እፊቷ እርስ በርሳቸው እንዲደዋወሉ አዘዘቻቸው። ሁለቱም ስልክ ሲጮኽ፣ «አሁን ሂዱ፣ ንቡ ሳይጋገር» ብላ አባረረቻቸው። በመኪናው ደረሰኝ ላይ የመድረሻውን ቦታ ሞልታ ለሾፌሩ ሰጠች፤ መኪናው ሞንዶልን ተከትሎ ሄደ። ገበያው እፎይ አለ። ከኋላ የቀሩ ጥቂት ንቦች ግን የእኔን የውሃ ባልዲ ወርሰው ግማሽ ቀን ሥራ አስፈቱኝ።

ከሰዓት በኋላ ሱሮማ ሩዝና የዓሣ ወጧን ከፍታ ልትበላ ስትል ስልኳ ጠራ። ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ዲዲ፣ ጃግዴኦ ነኝ። ሣጥኖቹን ጥላ ውስጥ ደረደርናቸው። ጥቂት ሞተውብኛል፤ የቀሩት ደህና ናቸው። አሁን ከፈትኳቸው። ስሚ።»

ስልኩን ወደ ቀፎው አስጠጋው መሰለኝ፣ ጠዋት ያስፈራኝ ያ ጩኸት መጣ፤ አሁን ግን ሰፋ ብሎ፣ ወደ ላይ እየወጣ፣ እየራቀ። ሱሮማ በግራ እጇ ስልኩን ይዛ፣ ቀኝ እጇ ሩዝ እንደያዘ ታዳምጥ ነበር።

«ሄዱ?» አለችው።

«ሄዱ ዲዲ። ዛፉ ሁሉ ነጭ ነው፣ ሁሉም አበባ ላይ ናቸው።»

«በል አንተም ተኛ፣ ሌሊቱን አልተኛህም» አለችውና ዘግታ መብላት ጀመረች።