ድርቆሽ ሲወደድ ላም ትረክሳለች

ጆሊን ተርቢል የከብት ሐራጁ ደጅ ስትደርስ የተሳቢዎቹ ሰልፍ አስፋልቱን ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተዘርግቷል። ሞተሯን አጥፍታ ተራዋን መጠበቅ ጀመረች። ከኋላዋ ስድስት አሮጌ ላሞችና ስድስት ያረገዙ ጊደሮች የተሳቢውን ወለል ይደበድባሉ። አባቷ ካወረሳት መንጋ የቀረው ይኸው ነው።

በምዕራብ ኦክላሆማ ከፀደይ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሣሩ እንደ ወረቀት ደርቋል፣ ኩሬው ተሰነጣጥቋል፤ ለክረምት የሚታጨድ ድርቆሽም አልተገኘም። ድርቆሽ ያለው ጎረቤቷ ኦርቪል ማክስዊን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አምና በሃምሳ ዶላር ይሸጠው የነበረውን ጥቅል ዋጋ በየሳምንቱ ይሰቅለዋል። ላሞቹን እንዳታስቀምጥ የምታበላቸው የላትም፤ እንዳትሸጥ ደግሞ አገሩ ሁሉ ሻጭ ሆኗል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ባለፈው ሳምንት አሮጌዎቹን አምጥታ ለአንዷ ስምንት መቶ ዶላር ሲሏት ራሷን ነቅንቃ መልሳ ወስዳቸው ነበር። ባለቤት ካልተስማማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከብቱ ይመለሳል፤ ወጉ እንዲህ ነው። “ሳምንት ይሻላል” ብላ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ላሞቹ የመጨረሻዋን ድርቆሽ በሉ፤ በሐራጁ በር ላይም የተሳቢው ቁጥር እጥፍ ሆነ።

ዛሬ አሮጌዎቹ ሲገቡ ሐራጅ ጠሪው ዱዌይን ምላሱ እስኪደርቅ ለፈለፈ። ከስድስት መቶ ሃምሳ በላይ ግን የሚጨምር ጠፋ።

“እህስ፣ ጆሊን? ዛሬም ልትነቀንቂ ነው?”

“ሽጣቸው።”

ጊደሮቹ ከሌሎች ሰዎች ከብቶች ቀጥለው ይገባሉ። እነሱ ከሄዱ መንጋ የሚባል ነገር አበቃ። ቀና ስትል ኦርቪል ከላይኛው ወንበር ላይ ቺዝበርገሩን ይገምጣል። ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

“ሚስተር ኦርቪል፣ እርስዎ ላም አይገዙ፣ አይሸጡ። ምን እግር ጣለዎት?”

“በርገሩ ነዋ። ቤት ያለችው ቅጠል ነው የምታበላኝ።”

“ድርቆሹስ ዛሬ ስንት ገባ?”

“መቶ አርባ። ለሚቀጥለው ሳምንት ሰማዩን ጠይቂው።”

“ሰማዩንማ ስንጠይቅ ከረምን፤ መልስ የለውም።” ወደ ታች አመለከተች። “እነዚህ ከብቶች ከዚህ የት ይሄዳሉ?”

“ግማሹ ቄራ፣ ግማሹ ሰሜን። ዝናብ ወዳለበት።”

“ታዲያ እዚያ ሆነው የእርስዎን ድርቆሽ ይበላሉ?”

ኦርቪል ማኘኩን ገታ አደረገ።

“በዘጠና ሲሉ ሰው ደጅዎን ይጠና ነበር” አለች። “መቶ አርባ ሲሉ ሰው ላሙን ጫነ። በዚህ በር የወጣች ላም ሁሉ ከእርስዎ ገበያተኛ የጎደለች አፍ ናት። ደግሞ ከሰሜን፣ ከኔብራስካ ድርቆሽ የጫኑ መኪናዎች ትናንት ነዳጅ ማደያው ጋ ቆመው አይቻለሁ። ድሮ የመንገዱ ወጪ ስለማያዋጣቸው አይመጡም ነበር። በእርስዎ ዋጋ ግን ያዋጣቸዋል።”

“ማን አስተማረሽ ይሄን?”

“ባለፈው ሳምንት የነቀነቅኩት ራሴ።”

ሽማግሌው ሳይወድ ፈገግ አለ። “ስንት ትያለሽ?”

“ለስድስቱ ጊደሮች ሣር እስኪበቅል ድረስ ሠላሳ ጥቅል ያስፈልገኛል። በዘጠና።”

“ልጄ፣ እኔም ነዳጅ በውድ ገዝቼ ነው ያጨድኩት። መቶ ሠላሳ።”

“በመቶ ሠላሳ ከገዛሁ የስድስቱ ላሞች ገንዘብ ሙልጭ ብሎ ያልቃል። ልጆቼን ምን ላብላቸው? እንደሱ ከሆነ ጊደሮቹም ይሸጡ፣ ድርቆሹም ጎተራዎ ይቀመጥ።”

ከታች በሩ ተከፈተ። ጊደሮቿ እየተጋፉ ገቡ። ዱዌይን በሰባት መቶ ጀመረ።

ኦርቪል የወጡትንም ገና የሚገቡትንም ከብቶች አየ። የሚገዛው አፍ ሲቀንስ፣ ከሩቅ የሚመጣው ድርቆሽ ሲጨምር ታየው መሰል። “መቶ አሥር” አለ ቀስ ብሎ። “ከዚህ ብወርድ ሚስቴ ከቤት ታስወጣኛለች።”

መቶ አሥር ውድ ነው። አምና ብትሰማው ትስቅ ነበር። ግን ከሽያጩ ላይ ለልጆቿ ቀለብና ለመብራት የምታተርፈው ይኖራል።

“እሺ።”

“ሰባት መቶ ሃያ! ጆሊን፣ መዶሻውን ልምታ?” ጮኸ ዱዌይን።

ራሷን ነቀነቀች።

“ገንዘብ ጠልተሽ ነው?” አለ አንድ ነጋዴ ከፊት ወንበር።

“ዝናብ የዘነበ ዕለት እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ላም ፈላጊ ነው። ላሟ ግን የለችም። ያኔ እንገናኝ።”

“ካልዘነበስ?”

ጆሊን ስድስቱን መልሳ ጫነችና ወደ ኦርቪል ጎተራ ነዳች። ተሳቢው ግማሹ ባዶ ስለሆነ በየጉድጓዱ ይንገጫገጫል። ከፊቷ ያለው ሰማይ ጥርት ብሏል፤ አንድም ደመና የለበትም።