ሠላሳ ሰከንድ ለአንድ ዚፕ

ልብስ ሰፊዋን ደንበኞቿ "እትዬ መርፌ" ይሏታል፤ ለእጇ ይሁን ለምላሷ ያወጡላት እስካሁን አልተለየም። ሱቋ መንገድ ዳር ሳለ ወሬዋ ራሱ ገበያ ይጠራላት ነበር። ሕንጻው ሲታደስ ግን ሦስተኛ ፎቅ፣ የኮሪደሩ ጥግ ደረሳት። ለአንድ ዚፕ ያን ሁሉ ደረጃ ማን ይወጣል? እስከ ወሩ መጨረሻ ገበያው ካልተነሳ ሱቁን ዘግታ ፋብሪካ ልትቀጠር ነው፤ በሰው ደወል መግባትና መውጣት ደግሞ ለእሷ ሞቷ ነው።

ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የአጫጭር ቪዲዮ ጽሑፍ የምታዘጋጀው ታናሽ እህቷ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ልትቀርጽላት ስልኳን ይዛ መጣች።

"ፎቅ ላይ የወጣን ሱቅ ስልክ አያወርደውም" አለ የእትዬ መርፌ ባል ከወንበሩ ሳይነሳ።

እትዬ መርፌ ካሜራው ፊት ሰላምታዋን አስረዘመች፣ የሱቁን ታሪክ አወራች፣ ስለ ቁልፍ ጀመረች፤ ዚፑ ጋ ሳትደርስ ሠላሳው ሰከንድ አለቀ።

"እትዬ፣ ሰው እኮ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ሰላም ብለሽ እስክትጨርሺ አይጠብቅሽም" አለች እህቷ። "መጀመሪያ የሚያስቆመውን በይ። ቀጥለሽ አንድ ነገር ብቻ አሳዪ። መጨረሻ ላይ የሚያይሽን ሰው አናግሪው።"

"አንድ ብቻ? የቀረውን እውቀቴን ምን ላድርገው?"

"ለሌላ ቪዲዮ ይቆይሽ።"

እያጉረመረመች ቆረጠች፤ መቁረጥ መቼም ሥራዋ ነው። አሁን ቪዲዮው ገና ሲጀምር አፉን የከፈተ ዚፕ ይታያል፤ "ይሄን ጃኬት ልትጥሉት ነው? ቆዩ" ትላለች። ከዚያ እጇ ብቻ ነው። ጥርሶቹ ደህና ሆነው ዚፑ ተዘግቶ ከኋላ ከተከፈተ፣ ብዙ ጊዜ የላላው የሚንሸራተተው የዚፑ ራስ ነው። ወደ መነሻው መልሳ ግራና ቀኙን በፒንሳ ቀስ አድርጋ ትጫነዋለች። ይዘጋል።

የቪዲዮው መዝጊያ ላይ ሊጣሉ ደረሱ። እሷ "ወደዳችሁት?" ልትል ነበር።

"እሱማ 'አዎ' ተብሎ ይታለፋል። ዝምተኛ ደንበኛ ሲመጣብሽ በምን ታናግሪዋለሽ?"

"'የቱ ጋ አስቸገረህ?' እለዋለሁ፤ ከዚያ ማን ዝም ያሰኘዋል?"

"በቃ፣ እሱኑ ጠይቂያቸው።"

ስለዚህ መጨረሻው እንዲህ ሆነ፦ "እናንተ ቤት በዚፑ ምክንያት ተሰቅሎ የቀረው ልብስ የቱ ነው? ከታች ጻፉልኝ።"

ጻፉ። የልጅ ቦርሳ፣ የሠርግ ቀሚስ፣ የአባት ካፖርት። መሃል ላይ አንዱ፣ "የኔ ሱሪ። ሁለት ዓመት ሆነው። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት" ብሏል። እትዬ መርፌ የጸሐፊውን ፎቶ አይታ ደሟ ፈላ፤ ገመናዋን ያወጣው የገዛ ባሏ ነው። ሰው ግን በሳቅ ፈረሰ፣ ተቀባበለው። "ሚስትህ የት ነው የምትሰፋው? እኛ እንሂድላት" አሉት። እሱም፣ "ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ጥግ" ብሎ መለሰ።

በሳምንቱ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወረደ። ፋብሪካውን ያነሳ የለም። እትዬ መርፌ በደስታ እንባ እንባ እያላት ስትለካ፣ ባልየው ሱሪውን በብብቱ ይዞ እያለከለከ ዘው አለ።

"አንተ አይደለህ የጠራሃቸው?" አለችው ቀና ሳትል። "ከኋላ ተሰለፍ።"

ተሰለፈ።