ጥቁር ክፈፍ ውስጥ ያለው «ጽናት»

አትላስ ሰፈር ያለው ቢሮአችን ግድግዳው ሁሉ ምክር ነው። ሥራ አስኪያጃችን ያሰቀሏቸው ፖስተሮች ናቸው፦ ጥቁር ክፈፍ፣ መሀሉ ላይ ተራራ ወይም የምትወጣ ፀሐይ፣ ከሥሩ በትልቁ «ራእይ»፣ ከዚያ በታች በትንሹ አንድ መስመር ማበረታቻ። እኔ ዲዛይነር ነኝና በምሳ ሰዓት እነሱኑ የሚመስሉ፣ ግን ተስፋ የሚያስቆርጡ ፖስተሮች እሠራ ነበር።

ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ፎቶው ከልብ ማማር አለበት፤ አስቂኝ ፎቶ ከገባ ቀልዱ ሞተ። ትልቁ ቃልም አይነካም። መርዙ ያለው ትንሿ መስመር ላይ ነው፤ እሷም እንደ ስብከት ጀምራ የምትከዳው መጨረሻዋ ላይ ብቻ ነው። «የቡድን ሥራ፦ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ጥፋት በኅብረት እናሳካዋለን።» ይህን በቴሌግራም ለጓደኞቼ ልኬ ታክሲ እሳፈራለሁ፤ ሰፈሬ ጎሮ እስክደርስ ይስቁልኛል።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ሃምሳን ያለፉ ሴትዮ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት አምስት ጊዜ ተፈትነው አምስቱንም ወድቀዋል። ሁልጊዜ የሚጥላቸው የኋላ ማርሽ ነው። በወደቁ ቁጥር ቢሮው ሁሉ «አይዞዎት፣ ይችላሉ!» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ።

ከአምስተኛው ፈተና በኋላ አንድ ፖስተር ሠራሁ። ማለዳ ላይ ፎቶ የተነሳ ቀጥ ያለ መንገድ፣ «ጽናት»፣ ከሥሩም «ተስፋ ሳይቆርጥ ደጋግሞ የሞከረ ሰው፣ አለመቻሉን በሚገባ ያረጋግጣል።» ስክሪን ላይ ጥቁር የሚመስለው ሲታተም ግራጫ ሊወጣ ስለሚችል፣ ክፈፉን ለማየት አንድ ቅጂ አተምኩ። ስልክ ተደወለልኝና ፕሪንተሩ ላይ ረሳሁት። ስመለስ የሒሳብ ኃላፊዋ እጅ ላይ ነው።

«ስለ እኔ ነው አይደል?»

ዋሽቼ አላመልጥም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ደንግጬ ነበር።

«ተወው። ይችላሉ ሲሉኝ ነው እግሬ የሚንቀጠቀጠው። ይኼ ቢያንስ ምንም አይጠብቅብኝም» አሉና ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ለጠፉት።

ስድስተኛውን ሊፈተኑ ሲሄዱ ማንም እንዲያበረታታቸው አልፈቀዱም። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ወድቀዋል፤ ግን አንገታቸውን አልደፉም። በዚህ ጊዜ የወደቁት የኋላ ማርሹን አልፈው፣ ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶባቸው ነው።

«አንተስ» አሉኝ ቦርሳቸውን እያስቀመጡ፣ «ሁልጊዜ በታክሲ ነህ። ስንት ጊዜ ተፈተንክ?»

«እኔ አልተፈተንኩም።»

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ።» አርባ ሊሞላኝ ነው። ሰው ሁሉ የሚሰማን መሰለኝና አፈርኩ።

ወደ ፖስተሩ ዞረው ትንሿን መስመር ቀስ ብለው አነበቧት።

«እኔስ ቢያንስ እያረጋገጥኩ ነው» አሉና ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ።