«ሳልጠራ ይዛወርለት» ብዬ የጻፍኩት ማመልከቻ

ባለፈው ክረምት ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ መምህራችን የእጅ ጽሑፌን ለክፍሉ ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩልኝ። ከዚያ ወዲያ በጀጎል የኛ ሰፈር ሰው ማመልከቻ ሲያስፈልገው፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ወደሚጽፉት ሽማግሌ መሄዱን ትቶ እኔ ጋ ይመጣ ጀመር። ደስታዬን አልችለውም ነበር። «ለክቡር» ብዬ ስጀምር ብዕሩ ራሱ የሚሮጥ ይመስለኛል። ከጻፍኳቸው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ለጎረቤታችን የጻፍኩት ነው።

ጎረቤታችን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ የሐረሪ ሴት ናቸው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ስፌት ይሰፋሉ፤ ጉልበታቸው ግን ካልታዘዛቸው ቆይቷል። የወንድማቸው ልጅ ቤቱ በስሙ ቢዛወርለት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እዚያው እንደሚጦራቸው ምሎ ነገራቸው። አመኑት። እኔን አስጠሩና ማዘጋጃ ቤት ደጋግመው እንዳያመላልሷቸው አድርጌ እንድጽፍ ለመኑኝ። እኔም ጻፍኩ፦ «ጉልበቴ ስለሚያመኝ ዳግመኛ ሳልጠራ የቤቱ ስም ለወንድሜ ልጅ ይዛወርለት።» ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም ብዬ ኮራሁ። እማማ የጣት አሻራቸውን አኖሩ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈረሙ፣ የቤቱ የባለቤትነት ወረቀትም አብሮ ገባ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም በማመልከቻው ጥግ ላይ ቤቱ እንዲለካ፣ ማስታወቂያ እንዲለጠፍና በሠላሳ ቀን ውስጥ ተቃዋሚ ካልቀረበ በጠየቁት መሠረት እንዲዛወር አዘዙ። የልኬት ክፍል ሠራተኞች መጥተው ግድግዳውን ለኩ፣ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉበት፣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ።

ሃያኛው ቀን ገደማ፣ በለቅሶና በሠርግ የሚረዳዱበት የአፎቻ ማኅበራቸው ሴቶች ወሬ ይዘው መጡ። የወንድማቸው ልጅ ቤቱን ሊሸጠው ለአንድ የጫት ነጋዴ እያሳየ ነው አሉ። እማማ ጠርተው ሲጠይቁት አልካደም። አዲሱ ከተማ ካለው ከራሱ ቤት ጓሮ አንድ ክፍል እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። ዐርባ ዓመት ከኖሩበት ቤት፣ ከአፎቻ ማኅበራቸው፣ ከሰፈራቸው ነቅሎ ጓሮ ሊያስቀምጣቸው!

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ እናት የአፎቻው አባል ናት። እማማ ለእሷ ነገሯት፤ በማግስቱ ልጇ ማመልከቻውን አጥፎ በኪሱ ይዞ መጣ። እማማ ዕቃ በተደረደረበት ግድግዳ ሥር ባለው፣ ነደባ በሚሉት መደብ ላይ ከምንጣፉ ሥር ከተቱት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። ነገሩ አለቀ» አሉኝ።

እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ወረቀቱ ከሌለ በምን ያዛውሩታል?

ማክሰኞ ዕለት ግን ከለኪዎቹ አንዱ የጓሮውን ወርድ ሊያርም ተመልሶ መጣ። ጉዳዩ ቀርቷል ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ። ሠላሳው ቀን ቅዳሜ እንደሚሞላ፣ የሹሙ ትእዛዝ ግልባጭም እነሱ ክፍል እንዳለ ነገረኝ። «ሳይጠሩ ይዛወር ይላል። ማን ይጠራቸው?» አለ። የኔው ዓረፍተ ነገር ነበር።

እየሮጥኩ ወደ ባለ ጃንጥላው ሽማግሌ ሄድኩ። ከሳቸው ሌላ የምጠይቀው ሰው አላወቅሁም።

«የጀጎሏ ጸሐፊ» አሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው። «እንጀራዬን ቀምተሽ ስታበቂ ደግሞ ወጥ ልትለምኚኝ መጣሽ?»

አፍሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀልዱን ተዉት። ወረቀቱ ቢወጣ መዝገቡ አብሮ አይወጣም አሉኝ፤ ቁጥሩ ተከፍቷል፣ ትእዛዙ ሌላ ክፍል ገብቷል። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ማመልከቻው ከፋይሉ ጎድሎ ከተገኘ ያ ጸሐፊ ከሥራው ይባረራል፣ እማማም ሰነድ አሰርቀዋል ይባላል።

«መልሰሽ አስገቢው» አሉ። «የሌለ ማመልከቻ አይሻርም። መጀመሪያ ቦታው ላይ ይገኝ፣ ከዚያ በሌላ ማመልከቻ ትሽሪዋለሽ። ስሙ መዝገብ ላይ ሳይዛወር ከደረስሽ በወረቀት ያልቃል፤ ከተዛወረ ግን ፍርድ ቤት ነው።»

እማማ ግን ወረቀቱን አልሰጥም አሉ። ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተከራከርን። «በገዛ እጄ ቤቴን መልሼ ልስጣቸው ወይ?» እያሉ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡበት። በመጨረሻ፣ ያስቸገረን የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር መሆኑን እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ያልኩትን ነው የጻፍሽው» ብለው ወረቀቱን ከምንጣፉ ሥር አወጡልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጸሐፊው ወደ ፋይሉ መለሰው። ሽማግሌው አዲሱን ማመልከቻ ራሴ እንድጽፍ አደረጉኝ፤ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ያርማሉ። የመዝገቡን ቁጥርና ቀን ከላይ ጻፍኩ። ቤቱ መለካቱን፣ ማስታወቂያ መለጠፉን፣ ስሙ ገና አለመዛወሩን ገለጽኩ። ከዚያ ዝውውሩ ባለበት እንዲቆም፣ «ሳልጠራ ይዛወርለት» የተባለው እንዲሰረዝ፣ እማማ ራሳቸው ቀርበው በአፋቸው ሳይናገሩ ምንም እንዳይፈጸም ጠየቅኩ። የባለቤትነት ወረቀቱን የመጠየቁን ነገር መጀመሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ ሽማግሌው ወደ መጨረሻ አወረዱት። ማመልከቻውን የሚያየው ሰው መጀመሪያ ወረቀቱን ፍለጋ ከሄደ ማስቆሙን ይረሳዋል አሉ።

ከዚያ የጀመረው መመላለስ ያሳብዳል። ረቡዕ ሹሙ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሐሙስ ጠዋት ፋይሉ ልኬት ክፍል ነው፤ ልኬት ክፍል ደግሞ መልሰናል ይላሉ፤ መዝገብ ቤት አልደረሰንም ይላሉ። ሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው መተላለፊያ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ቆጥሬዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ፋይሉ ተገኘ፣ ግን ባለጉዳይዋ ራሳቸው ካልቀረቡ ልጅ ባመጣው ወረቀት አይሻርም ተባለ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ አማረኝ። ቤቱን ሲሰጡ ሳይጠሩ ይሁን ሲባል ማንም «ይቅረቡ» አላለም፤ መስጠቱን ሲተዉ ነው ጉልበት የተጠየቀው!

ዓርብ እማማ ትከሻዬን ተደግፈው እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ በእግራቸው ወጡ፤ በየማዕዘኑ ቆመን ነበር። ከዚያ በታክሲ ሄድን። ሹሙ ሁለቱን ማመልከቻዎች ጎን ለጎን አድርገው አነበቡ።

«አልጠራም ያሉት እርስዎ አይደሉም? ታዲያ ዛሬ ማን ጠራዎት?»

«ያኔ የተናገረው ጉልበቴ ነው» አሉ እማማ። «ዛሬ የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሹሙ ሳቁን ዋጥ አድርገው እዚያው እሳቸው ፊት የጣት አሻራ አስደረጓቸው፤ በጥጉም ዝውውሩ ይቁም፣ መዝገቡ ላይ ይሥፈር፣ ልኬት ክፍል ይወቀው፣ ወረቀታቸው ይመለስላቸው ብለው ጻፉ። እማማን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ትእዛዙን ተከተልኩት። ጸሐፊው መዝገቡ ላይ በቀይ ሲጽፍ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ልኬት ክፍል ግልባጩን መቀበላቸውን ፈረሙልኝ። የኛም ቅጂ ማኅተም ተመታበት። ወረቀቱስ ስል፣ ግምጃ ቤት ተዘግቷል፣ ሰኞ ተመለሱ አሉኝ። ደግሞ ሰኞ!

ቅዳሜ የወንድማቸው ልጅ ነጋዴውን አስከትሎ መጥቶ ነበር አሉ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ቀዩን መስመር አሳየው።

ሰኞ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ አሳይቼ ወረቀቱን ተቀብዬ ስገባ እማማ ነደባው ላይ ቁጭ ብለዋል። መዳበስ ብቻ ነው የፈለጉት፤ ከዳበሱት በኋላ መልሰው ሰጡኝ።

«አንብቢልኝ» አሉ። «ያንቺን ሳይሆን የድሮውን። ስሜ እንዴት እንደሚጠራ ልስማው።»

አነበብኩላቸው። ደረቅ ጽሑፍ ነበር፤ ስም፣ ሰፈር፣ ወሰን፣ ሌላ ምንም የለው። በሰሜን ማን፣ በደቡብ ማን እያልኩ ስቆጥር ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ በጣታቸው በግድግዳው አቅጣጫ ያሳዩ ነበር።