የአክስቴ ከበሮና የላፕቶፑ ቆጠራ

ሰቆጣ ውስጥ ሠርግ ላይ ዘፈን የማጫውት ዲጄ ነኝ። አክስቴ ግን ሥራዬን ለሰው ሲያስረዱ «ሽቦ ይቀጣጥላል» ነው የሚሉት። ቁልፍ መጫን ብቻ የሚመስለውም ሰው ሞልቷል። በሰው እጅ ያለ ከበሮ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ዘፈን ማጫወትማ ማንም ያጫውታል፤ ጉዱ ያለው አንዱ ዘፈን ወጥቶ ሌላው ሲገባ ነው። ጨዋታው ደርቶ ሳለ ምቱ ከተሰበረ ትከሻው ሁሉ ቀጥ ይላል፣ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፣ ሽማግሌዎቹም ወደ ጠላቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ እነሱን ማስነሳት የተኛ በሬ ከማስነሳት ይከብዳል።

የአክስቴ ትንሿ ልጅ ለሠርጓ ሳምንት ሲቀራት ቤቴ መጣች። ሙሽራው የአምደወርቅ ልጅ ነው፣ የምትሄደውም ወደዚያው ነው።

«አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። እማዬን አስጨፍርልኝ» አለችኝ።

የጠየቀችኝ ቀላል ነገር አልነበረም። አክስቴ ድሮ በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ከበሮ ይዘው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ዘፈን የሚያወጡ፣ ሌላው ሴት የሚቀበላቸው ሰው ነበሩ። ታላቋ ልጃቸው አንድ ማለዳ ሻንጣዋን ይዛ ዓረብ አገር ሄደች፤ ሠርግ የለ፣ እልልታ የለ። ከዚያ ወዲህ ያወጣሉ እንጂ አይጨፍሩም። «ሳልጨፍር የሸኘኋት ልጅ እያለችኝ እንዴት ብዬ!» ይላሉ። ሲለምኗቸው ደግሞ በእኔ ያሳብባሉ፦ «የማሽን ዘፈን ሰው አይጠብቅም።»

የአክስቴ ልጅ ግን ተንኮለኛ ናት። ጎረቤት ድግስ ላይ እናቷ ከበሮ እየመቱ ሲያወጡ በስልኳ በስውር ቀድታቸዋለች። አሳቧ ቀላል ነበር፦ በእናቷ ድምፅ እንጀምራለን፣ እሳቸው ሲነሱ ሳናቋርጥ ወጣቱ ወደሚወደው የሠርግ ዘፈን እንሻገራለን። ለእሷ ቀላል ነው፤ የምትሻገረው እሷ አይደለችማ።

በማግስቱ ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ተቀመጥን። ስፒከሩና ጄኔሬተሩ የእሱ ነው፣ ላፕቶፑ የእኔ። ላፕቶፑ ዘፈን ሲሰጡት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ራሱ ቆጥሮ ይናገራል። የሠርጉን ዘፈን ዘጠና አለው፤ ምቱ በኪቦርድ የተሠራ ስለሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘጠና ነው። የአክስቴን ግን መቶ ሃያ ስድስት አለ።

«ሲንኩን ተጫነው፣ ምን ትለፋለህ» አለ ጓደኛዬ። ሲንክ የሚባለው ቁልፍ የአንዱን ፍጥነት በሌላው ልክ ያደርጋል።

ተጫንኩት። የሠርጉ ዘፈን ወደ መቶ ሃያ ስድስት ተፈተለከና ዘፋኙ ጅብ ያባረረው ሰው መሰለ። ጓደኛዬ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔ ግን ተናደድኩ፣ ምክንያቱም አክስቴን አውቃቸዋለሁ፤ እንደዚያ የሚያስሮጥ ዘፈን አውጥተው አያውቁም።

ማዳመጫዬን አድርጌ በእግሬ መሬቱን እየመታሁ ደጋግሜ ሰማሁት። በአገራችን ጭፈራ እግር በሚያርፍበት በአንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትናንሽ ምቶች አሉ። ላፕቶፑ ትናንሾቹን ሦስት ሦስት አድርጎ መያዝ ሲገባው ሁለት ሁለት አድርጎ ቆጥሯቸዋል። እኔ እግሬ ባረፈ ቁጥር በጣቴ የምት ማስቆጠሪያውን ቁልፍ ስነካለት ሰማንያ አራት ሆነ። ይሄ የአክስቴ ነው።

ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሌላ ጉድ መጣ። መጀመሪያው ላይ ልክ የነበረው ቆጠራ መሀል ላይ ሳተ። አክስቴ ሰው ናቸዋ! በዝግታ ይጀምራሉ፣ ሴቶቹ ሲሞቁ ይፈጥናሉ፤ መጨረሻው ላይ ስቆጥር ዘጠና ሁለት ደርሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትቼ የምሻገርበትን መጨረሻውን ያዝኩ። የሠርጉን ዘፈን ከዘጠና ወደ ዘጠና ሁለት ትንሽ ገፋ አደረግሁት። ፍጥነቱ እኩል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ምቱም ምቱ ላይ ማረፍ አለበት፣ አለዚያ ሁለት ሰው በአንድ ሙቀጫ ተራ ሳይጠብቅ እንደሚወቅጥ ይሆናል። እሱንም አስተካከልኩ። በስተመጨረሻ ጓደኛዬ ራሱ መቼ እንደተሻገርኩ ሳያውቅ ቀረ።

የሠርጉ ቀን ከምሳ በኋላ ዳሱ ግጥም ብሎ ሞልቶ ሳለ የአክስቴን ድምፅ ለቀቅሁት።

አክስቴ ከወጥ ቤት ማማሰያ እንደያዙ ወጡ። ስፒከሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ የሰጉ ሰው ሳይሆኑ የተናቁ ሰው ሆነው ወደ ሴቶቹ ሄዱና ከበሮውን ተቀበሉ። ከራሳቸው ድምፅ ጋር ሊወዳደሩ ነው! መቱት፤ ያውም ከስፒከሩ ፈጠን አድርገው። ዳሱ በሙሉ በጭብጨባ ወደ እሳቸው ዞረ።

ላብ አጠመቀኝ። ስፒከሩ በአንድ ፍጥነት፣ አክስቴ በሌላ። የሳምንት ዝግጅቴ ገደል ገባ። «ሲንኩን!» አለኝ ጓደኛዬ በጆሮዬ። የምን ሲንክ! ከበሮው የቆዳ ነው፣ ሽቦ የለው፣ በምን ልያዘው?

የተቀዳውን ድምፅ ቀስ አድርጌ ዝቅ፣ ዝቅ አደረግሁትና አጠፋሁት። ማንም ልብ አላለውም፤ ከበሮውና ጭብጨባው ዳሱን ይዞታል። ከዚያ የአክስቴን እግር እያየሁ ያንኑ ቁልፍ በጣቴ መንካት ጀመርኩ፦ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ስድስት። ዘጠና ስድስት ላይ ጸኑ። የሠርጉን ዘፈን እዚያ አደረስኩት፤ የዘፋኙ ድምፅ እንዳይቀጥን የሚጠብቀውን ቁልፍም አበራሁ። በማዳመጫዬ ትንሽ ወደኋላ የቀረ መሰለኝ፤ በጣቴ ገፋ አደረግሁት። ሁለት ከበሮ እንዳይጋጭ የዘፈኑን ወፍራም ድምፅ ቀነስኩ። አክስቴ ስንኛቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅሁና አዲሱን በሚጀምሩበት ምት ላይ ከሥር አስገባሁት።

አክስቴ አልደነገጡም። እግራቸውም አልሳተም። የዘፈኑ ክራር ሲሰማ ፈገግ አሉና፣ የእሳቸውን ከበሮ ተከትሎ የመጣ መስሏቸው፣ አዎ፣ ተከትሎም የመጣ ነው፣ ትንሽ መትተው ከበሮውን ለጎረቤታቸው ሰጡ። ያኔ ወፍራሙን ድምፅ መለስኩት። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። እናትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። እኔ አላፍርም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ጓደኛዬም ጄኔሬተሩን አያለሁ ብሎ ጠፋ።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ሚዜዎቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ፤ ወደ አምደወርቅ የሚሄዱት መኪኖች ውጭ ጥሩምባ ይነፋሉ። አክስቴ እየጨፈሩ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረቡ።

«አታቁመው» አሉኝ ዝግ ብለው። «እሱ እስካላቆመ አትሄድም።»

«እትዬ፣ እርስዎ እስኪሉኝ አላቆምም።»

ከመጨረሻው ላይ ዘፋኙ የሌለበትን፣ ክራርና ከበሮ ብቻ የሚሰማበትን ስምንት ምት ያዝኩና እየተመላለሰ እንዲዞር አደረግሁት። ዞረ፣ እንደገና ዞረ። ሚዜዎቹ ተቆጡኝ። ጥሩምባው በረታ። እኔ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ አልሰማሁም አልኩ። አክስቴ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትከሻቸው ከምቱ ሳይወጣ፣ የሆነ ነገር በኽምጣኛ ነገሯት። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ወደ መሬት ዝቅ፣ ዝቅ አደረጉ።

«ቀንሰው ልጄ። ይህችን እንኳ ጨፍሬ ሸኘኋት።»