የደሴ እግር፣ የኮምቦልቻ እግር

ባሌ ደሴ ፒያሳ ላይ ጫማ ይሸጣል። ከመንገድ ማዶ የምታልፍ ሴት እግር አይቶ ቁጥሯን ይናገራል፤ ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። ሴትዮዋን አስቁሞ የጠየቀ ስለሌለ እኔም ይባላል ብዬ ልለፈው።

እኔንም ያገባኝ በቁጥሬ ነው ማለት ይቻላል። ገና የሱቁን ደፍ ሳልረግጥ "37፣ ቀጭን" አለና ቀይ ባለ ተረከዝ ጫማ አወረደልኝ። ልክ ሆነ። ከተጋባን በኋላ ያን ጫማ አሳምሮ ወልውሎ ከሱቁ መስታወት ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ አስቀመጠው፤ የጠየቀው ሁሉ "አይሸጥም" ይባላል። ሌላው የሚስቱን ፎቶ ይሰቅላል፣ የእኔው ጫማዬን ሰቀለ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት እያለሁ አረገዝኩ። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ገና በጅምሩ ወርዶብኝ ስለነበር ቤታችን ውስጥ ስለ ሆዴ የሚወራው በሹክሹክታ ነው። እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ልብስ ፋብሪካ፣ የተሰፋውን እየገለበጡ ጉድለት መፈለግ ነው፤ ሥራው ቀኑን ሙሉ በቁም ነው። ጠዋት ከደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ ተነስቼ በሚኒባስ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ማታ ከሙቀቱ ወጥቼ ሽቅብ እመለሳለሁ። ፍርሃቴ አንድ ነበር፤ ይህንንም እንዳላጣው።

አምስተኛው ወር ሲገባ ጫማዎቼ እየጠበቡ አንድ ባንድ ከዱኝ። ለባሌ ነገርኩት።

"አዋቂ እግር አያድግም" አለ። ይህ የሱቁ ሕግ ነው። ጫማ ጠበበኝ ብላ የምትመለስ ደንበኛ ሁሉ ይህን ሰምታ ነው የምትሸኘው። "ካልሲሽ ወፍሮ ይሆናል።"

ካልሲ አውልቄ አሳየሁት። እግሬን ሳይሆን ጫማውን አገላብጦ አየ። ከዚያ ውሃ የነካ ጋዜጣ ጠቅጥቆበት ሌሊቱን አሳደረው፤ ጠዋት ጫማው ረጥቦ ጠበቀኝ፣ አልሰፋም።

አማቴ ያን ሰሞን ከኩታበር መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። "እኔ ይሄን ሁሉ ልጅ ስወልድ እግሬ የት ሰፋ?" አሉ። ሁሉንም ያረገዙት በበረባሶ ነው። በረባሶ ደግሞ ጣት ቢወጣበት ተረከዝ ቢተርፍበት አቤቱታ የለውም። ይህን ግን ለአማት አይሉትም። "እውነትዎን ነው እማማ" ብዬ አለፍኩ።

ጫማ ነጋዴ አግብቼ በነጠላ ጫማ ሥራ መሄድ ጀመርኩ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ። ቤታችን ዳገት ላይ ነው፤ አንድ ጠዋት ዝናብ አድሮ ድንጋዩ ሙልጭልጭ ብሏል። ቁልቁል ስወርድ ነጠላ ጫማው ከእግሬ ቀድሞ ሄደ። ድሮ ብሆን ሚዛኔን እጠብቅ ነበር፤ አሁን ግን ሆዴ ወደ ፊት ጎተተኝ። የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ባልይዝ ኖሮ መሬት ነበርኩ። ቆርቆሮውን እንዳቀፍኩ ቆሜ አለቀስኩ፤ ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲላወስ ነው የተረጋጋሁት።

በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ለእርግዝና ክትትል ገባሁ። አዋላጇ ሲስተር ደም ግፊቴን ለካች፣ እግሬን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች፣ ከዚያ ባሌ ምን እንደሚል ስነግራት ሳቋ መጣ።

"ወላሂ የኔም ባል እንዲሁ ነበር የሚለው። ስሚኝ፤ ሰውነትሽ ለወሊድ ሲዘጋጅ አጥንትና አጥንት የሚያያይዘውን ጅማት የሚያላላ ነገር ያመነጫል። እሱ ደግሞ ዳሌ ብቻ ላላ ተብሎ አይታዘዝም፣ የእግርሽንም ያላላል። ላይ ክብደት ሲጨመር ውስጥ እግርሽ ዝቅ ይላል፤ እግርሽ በወርድም በርዝመትም ይዘረጋል። በዚያ ላይ ቆመሽ ስትውዪ፣ በዚህ ሙቀት፣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል።"

ልወድቅ ስለ መድረሴም ጠየቅኋት። ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ ክብደቱ አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሰው ሳያውቀው ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ይራመዳል አለችኝ። ረጅም ተረከዝ ይብስ ወደ ፊት ይገፋል፤ ነጠላ ጫማ ተረከዝ አይዝም፤ ስስ ሶል ያለውም ውስጥ እግርን አይደግፍም። የሚሻለው ጣት የሚያላውስ ሰፊ አፍንጫ፣ ሁለት ጣት የማይሞላ ተረከዝ፣ ኋላው የተዘጋ፣ ክሩ የሚላላና የሚጠብቅ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ነው።

"ፊትሽና እጅሽ በድንገት ካበጠ፣ ራስ ምታት ከጸናብሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ወይ አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ ግን ጫማ አትፈልጊ" አለች። "ወደኔ ሩጪ።"

"በምን ጫማ?" አልኳት።

ማታ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት፤ አጥሩን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ከሱቅ 38 ይዞ መጣ፤ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ አጠለቀልኝ። ልክ። "አየሽ!" አለ፣ ከመጀመሪያውም 38 ያለው እሱ ይመስል። አማቴም መረቁ።

ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ያ ጫማ ሥጋዬን ነክሶ ያዘኝ። ማታ ስነግረው ተቆጣ።

"ጠዋት ልክ ነበር! አንቺ የደሴ እግርና የኮምቦልቻ እግር አለሽ እንዴ?"

"አለኝ!" አልኩ፣ እኔም ተቆጥቼ። "ሁለት እግር አይደለም፣ አራት ነው ያለኝ። አንተ የለካኸው በብርድ ያደረውንና የተቀመጠውን ነው። የሚሠራውን እግሬን ለመለካት ውረድ!"

አይመጣም ብዬ ነበር። ሰው ሲሞት እንጂ ሱቁን አይዘጋም። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ፋብሪካው በር ላይ ላብ አጥምቆት፣ ካርቶን ታቅፎ ቆሟል። ሠራተኛው ሁሉ እየወጣ ነው። አስፋልቱ ዳር ተንበረከከ። "ቁሚ" አለኝ፤ የካርቶን ክዳን ዘርግቶ አስቆመኝና በእስክሪብቶ እግሬን ዙሪያውን ነደፈ። ከዚያ ሌላኛውን። ሴቶቹ እልል አሉ፣ "ደግሞ ሊያጭሽ ነው እንዴ?" ያለችም ነበረች። እሱ አልሰማም። ክዳኑን አንስቶ አየው። ያ ከማዶ ቁጥር የሚጠራ ሰው ምንም ቁጥር አልጠራም። "ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው?" አለ ብቻ፣ ቀስ ብሎ።

በካርቶኑ ይዞት የመጣው የሴት ጫማ ሁሉ ጠበበኝ። መጨረሻ ላይ ያወጣው ከወንዶቹ መደርደሪያ ያመጣውን ትንሹን ቁጥር ነው፤ ጥቁር፣ ክር ያለው፣ ሶሉ ጎማ፣ አፍንጫው እንደ አካፋ። የፋብሪካው ጥበቃ ዝቅ ብለው የራሳቸውን ተመሳሳይ ጫማ አዩና ፈገግ አሉ። ክሩን ራሱ አሰረልኝ፣ ጣቱን ከተረከዜ ኋላ አስገብቶ እንዳይወልቅ አረጋገጠ። ተራመድኩ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬቱን አመንኩት።

በዚያ አስቀያሚ ጫማ ዳገቱን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እስከ ምጤ። ሴት ልጅ ወለድኩ፣ በሰላም። ደስታዬን ለመጻፍ ቃል አላባክንም፤ ወልዶ ያየ ያውቀዋል።

እብጠቱ ጎደለ። እግሬ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ልኩ አልተመለሰም፤ ሲስተርም አንዳንዱ እንዲህ ይቀራል ብላኝ ነበር። ልጄን ታቅፌ ሱቅ የሄድኩ ቀን ባሌ ያንን ቀይ 37 ከመስታወቱ አውርዶ ሞከረልኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አልገፋውም። አውልቆ ወለወለውና መልሶ ሰቀለው።

"ይቀመጥ" አለ። "ስታድግ ለእሷ ይሆናታል።"

"እሷም ታረግዛለች" አልኩት።

ልጅቷን አየ፣ ጥቁሩን ጫማዬን አየ። ከዚያ ተንጠራርቶ ቀዩን ጫማ አወረደና የመሸጫ ዋጋ ለጠፈበት። የካርቶኑን ክዳን፣ እግሬ የተነደፈበትን፣ በቦታው ሰቀለው።