የፎገራ ቅቤና የእሷ ሞራ

ወረታ፣ የመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ ውስጥ ለፈረንጁ መሐንዲስ የማበስለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንዲት የአሥመራ ሴት አምጥተው እስኪደርቡብኝ ድረስ።

ሦስት ጣት የሚወፍረውን የበሬ ሽንጥ በጨርቅ ታደርቅና ከባዱ የብረት መጥበሻ እስኪጨስ ትጠብቃለች። ሞራ ታቀልጥበትና ሥጋውን ትጥላለች። ሁለት ደቂቃ በአንዱ ጎን፣ ሁለት ደቂቃ በሌላው። ከዚያ ከነመጥበሻው የጋለው ፉርኖ፣ የዳቦ መጋገሪያው ምድጃ ውስጥ ስድስት ደቂቃ ያህል ታቆየዋለች። አውጥታም ሳትቆርጥ ታሳርፈዋለች። መሐንዲሱ ያሞግሳታል፤ እኔን ቅናት ያንገበግበኛል።

«እትዬ፣ በዚህ ግለት ቅቤ ያራል፤ በሞራ ይሻላል» አለችኝ አንድ ቀን።

የፎገራን ልጅ ስለ ቅቤ ልታስተምር! እልህ ይዞኝ በቅቤ ጠበስኩ። ቅቤው ከሰለ፣ ቤቱ በጢስ ታፈነ፣ መሐንዲሱም ሥጋውን አንድ ጊዜ ቀምሶ መለሰው።

ለእናቷ ተዝካር አገሯ ስትሄድ በሩን ዘግቼ ሞራ አቀለጥኩ። ደቂቃውን ልክ እንደሷ ጠበቅኩ። ውጩ ቡናማ፣ ውስጡ ቀላ ያለ ሆኖ ወጣልኝ። መሐንዲሱ አንዴ ጎረሰና ፊቱ በራ።

«መጣች እንዴ?» አለኝ።